ላልተሰጠ አገልግሎት ክፍያ ለጠየቀ የግል ክሊኒክ የተቃውሞ ደብዳቤ አዘገጃጀት

ከግል ክሊኒክ በተቀበሉት ሂሳብ ውስጥ ያላገኙት አገልግሎት ተጽፎ ሲያዩ ፈጥኖ የሚመጣው ሐሳብ «ይህ አልተደረገልኝም» ብሎ መጻፍ ነው። ይሁን እንጂ ያልተደረገ ነገር ማስረጃ ስለማይተው በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ የቆመ ደብዳቤ የታካሚውን ቃል ከክሊኒኩ ቃል ጋር ከማፋጠጥ አያልፍም። በአንጻሩ በትክክል የተሰጠ አገልግሎት ሁሉ በክሊኒኩ በራሱ ወረቀት ላይ ቢያንስ ሁለት ምልክት ይተዋል፤ አንደኛው ሐኪሙ የጻፈው ትዕዛዝ ሲሆን ሁለተኛው ትዕዛዙ መፈጸሙን የሚያሳየው ጽሑፍ ነው። ምርመራ ከሆነ የውጤት ወረቀት፣ መድኃኒት ከሆነ ነርሷ ሰዓቱን ጽፋ የፈረመችበት የመድኃኒት መስጫ ቅጽ፣ የሐኪም ጉብኝት ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ የፈረመው ማስታወሻ ይኖራል። ጥሩ የተቃውሞ ደብዳቤ የሚያደርገው ይህን ሁለተኛ ምልክት መጠየቅ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ለደብዳቤው አቀራረብ ይጠቅማል። ሂሳብ በኮምፒውተር በሚሠራባቸው ክሊኒኮች ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው አገልግሎቱ ሲፈጸም ሳይሆን ሐኪሙ ሲያዝ ነው። ሐኪሙ በማግሥቱ ሐሳቡን ለውጦ ምርመራውን ሲሰርዝ ስረዛው በሕክምና ማኅደሩ ላይ ይጻፋል፤ ወደ ሂሳብ ክፍል ሄዶ መስመሩን የሚያስነሣ ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ለሙሉ ቀን የታዘዘ መድኃኒት ከመጋዘን ወጥቶ ከፊሉ ብቻ ተሰጥቶ የቀረው ሲመለስም ሂሳቡ የወጣውን ሁሉ እንደያዘ ይቀራል። ሆን ተብሎ የተጨመረ ክፍያ የለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ደብዳቤ ጸሐፊው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ሊያውቅ ስለማይችል ደብዳቤው ለሁለቱም የሚሠራ መሆን አለበት።

ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። አንዲት ታካሚ በሆድ ሕመምና በትውከት ምክንያት ማታ ክሊኒክ ገብታ አንድ ሌሊት ክትትል ከተደረገላት በኋላ በማግሥቱ ከሰዓት ወጣች እንበል። የሂሳቡ ጠቅላላ ድምር 11,860 ነው፤ የገንዘቡ ዓይነት ለምሳሌው አስፈላጊ ስላልሆነ ቁጥሩን ብቻ እንያዝ። ታካሚዋ ያልተደረጉልኝ ብላ የጠረጠረቻቸው አራት ነገሮች የሆድ አልትራሳውንድ፣ ስድስት ከረጢት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ምክክር እና የደም ጨው ምርመራ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዝርዝር ሂሳብና የሕክምና ማኅደር ቅጂ መውሰድ

ክሊኒኮች ሲያስከፍሉ የሚሰጡት ወረቀት ብዙውን ጊዜ «ላቦራቶሪ»፣ «መድኃኒት»፣ «አልጋ» እየተባለ በጥቅሉ የተደመረ ነው። በዚህ ላይ ተቃውሞ መጻፍ አይቻልም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ አገልግሎት በስሙ፣ በቀኑ፣ በብዛቱና በነጠላ ዋጋው የተቀመጠበት ዝርዝር ሂሳብ ነው። ይህንን ሂሳብ ክፍል ያትማል።

ከዚሁ ጋር የሕክምና ማኅደር ቅጂ ይጠይቁ፤ ታካሚ የራሱን ማኅደር ቅጂ የማግኘት መብቱ በብዙ አገሮች ሕግ የታወቀ ነው። ጥያቄውን በአጭር ማመልከቻ ያቅርቡ፤ የሚፈልጓቸውንም በስም ይዘርዝሩ፦ የሐኪም ትዕዛዝ ወረቀት፣ የሐኪም የዕለት ማስታወሻ፣ የነርስ ክትትል ቅጽ፣ የመድኃኒት መስጫ ቅጽ፣ የላቦራቶሪና የምስል ምርመራ ውጤቶች፣ የመውጫ ማጠቃለያ። «ማኅደሬን ስጡኝ» ብቻ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ በመውጫ ማጠቃለያው ብቻ ይመለሳል፤ ለእኛ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም አነስተኛ ጥቅም ያለው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉን አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። የማኅደሩ ቅጂ ከተቃውሞው ደብዳቤ በፊት በእጅዎ መግባት አለበት። ተቃውሞው ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ቅጂ ላይ ዘግይቶ የተጨመረ ጽሑፍ ቢኖር ቀድሞ የነበረውን የሚያሳይ ሌላ ወረቀት ስለማይኖርዎት ልዩነቱን ማወቅ አይችሉም። ቅጂውን ሲረከቡ የገጹን ብዛት ቆጥረው የተረከቡበት ቀን በክሊኒኩ ማኅተም ወይም ፊርማ እንዲረጋገጥ ይጠይቁ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፍያው ካልተፈጸመ የማያከራክረውን ከፍሎ የሚያከራክረውን ማቆየት ይመረጣል። ሙሉውን ካልከፈሉ በስተቀር አይወጡም የሚል ሁኔታ ካጋጠመ ከፍለው በደረሰኙ ቀሪ ወይም በሚፈርሙት ወረቀት ላይ «የተወሰኑትን መስመሮች እየተቃወምሁ የከፈልሁት» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። በሂሳቡ መስማማትን የሚገልጽ ቅጽ ቢቀርብልዎ ግን ሳያነብቡ አይፈርሙ።

ደረጃ 2፦ መስመሮቹን ከማኅደሩ ጋር ማመሳከር

ሥራው በአብዛኛው ያለው እዚህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፤ በመጀመሪያው የሂሳቡን መስመር ቁጥርና ስም፣ በሁለተኛው ክፍያውን፣ በሦስተኛው የትዕዛዙን ቀንና ገጽ፣ በአራተኛው መፈጸሙን የሚያሳየውን ጽሑፍና ገጹን ይጻፉ። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር የተቃውሞ እጩ ነው።

የታካሚያችንን አራት ጥርጣሬዎች በዚህ መንገድ እንያቸው። አልትራሳውንዱ (1,400) ማታ መታዘዙ በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ አለ። የምስል ምርመራ ውጤት ግን በማኅደሩ ውስጥ የለም፤ ከዚያም በላይ ጠዋት የተጻፈው የሐኪም ማስታወሻ «ሕመሙ ስለቀነሰ አልትራሳውንዱ ለጊዜው ይቅር» ይላል። ይህ ከሁሉ የጠነከረው መስመር ነው፤ የውጤቱ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የስረዛው ምክንያት ጭምር በሐኪሙ እጅ ተጽፏልና።

ሁለተኛው ፈሳሹ ነው። ሂሳቡ 6 ከረጢት በ180 ሒሳብ 1,080 ይላል። የመድኃኒት መስጫ ቅጹን ስንመለከት በፈሳሹ ረድፍ ላይ ስድስት ሣጥኖች ተሠምረዋል፤ በሦስቱ ውስጥ ሰዓትና የነርስ አጭር ፊርማ አለ፤ የቀሩት ሦስቱ ባዶ ናቸው። የነርስ ክትትል ቅጹም በሌሊቱ የገባውን ፈሳሽ 3 ሊትር ብሎ ደምሮታል፤ እያንዳንዱ ከረጢት ደግሞ አንድ ሊትር ነው። ሁለት የተለያዩ ቅጾች አንድ ቁጥር ሲሰጡ ክርክሩ ያለቀ ያህል ነው። ታካሚዋ የምትቃወመው ሙሉውን 1,080 ሳይሆን ያልተሰጡትን የሦስት ከረጢቶች ዋጋ 540 ነው። እንዲህ ያለው የብዛት ስሕተት ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ያመልጣል፤ አገልግሎቱ በከፊል ስለተሰጠ ታካሚው ስሙን አይቶ ያልፈዋልና። የብዛት ዓምዱን ሁልጊዜ ለብቻው ማንበብ ይገባል።

ሦስተኛው የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ምክክር (900) ነው። የተረኛው ሐኪም «የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያማክረን» ብሎ ጽፏል፤ የስፔሻሊስቱ ማስታወሻ ግን የለም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስፔሻሊስቱ በአካል ሳይመጣ በስልክ ምክር ሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል ታካሚዋ ሐኪም አለማየቷ ብቻ ምክክር አልነበረም አያሰኝም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው «ስፔሻሊስት አልመጣም» ሳይሆን «በስፔሻሊስት የተፈረመ የምክክር ማስታወሻ በማኅደሩ ውስጥ አላገኘሁም፤ ምክክሩ በስልክ ከሆነም ይኸው ተገልጾ ለዚያ የሚከፈለው ዋጋ ይነገረኝ» የሚል ነው።

አራተኛው የደም ጨው ምርመራ ከደብዳቤው ይወጣል። ታካሚዋ የተጠራጠረችው ደም አንድ ጊዜ ብቻ ስለተቀዳ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተቀዳ ደም ብዙ ምርመራ ይሠራል፤ የሶዲየምና የፖታሲየም ውጤት ያለበት ወረቀትም በማኅደሩ ውስጥ ተገኝቷል። እንዲህ ያሉ ለታካሚው የማይታዩ አገልግሎቶች ጥቂት አይደሉም፦ ምስሉን በሌላ ክፍል ሆኖ የሚያነብ ራዲዮሎጂስት፣ የተወሰደውን ናሙና የሚመረምር ፓቶሎጂስት፣ ታካሚው በማደንዘዣ ሳለ የተሰጠ መድኃኒት። በደብዳቤው ላይ አንድ እንኳ በትክክል የተሰጠ አገልግሎት ተካትቶ ከተገኘ ክሊኒኩ መልሱን በእርሱ ላይ ያበዛና ሌሎቹን ያድበሰብሳል፤ ስለዚህ የሚያጠራጥረውን መስመር ማውጣት ለቀሩት ይጠቅማል።

በዚህም መሠረት የሚያከራክረው 1,400 እና 540 እና 900 ሲደመር 2,840 ነው፤ የማያከራክረው ቀሪ 9,020 ይሆናል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ደብዳቤው ላይ በግልጽ መታየት አለባቸው።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤውን መጻፍ

ደብዳቤው የሚጻፈው ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ለሜዲካል ዳይሬክተሩና ለሂሳብ ክፍሉ ግልባጭ ቢደረግ ይመረጣል። ለሂሳብ ክፍል ብቻ የሚላክ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይንጓተታል፤ ሂሳብ ሠራተኛው ሕክምናው መሰጠት አለመሰጠቱን ለመወሰን ሥልጣኑም ማኅደሩም የለውምና። ሂሳቡን የሚከፍለው ወይም የሚጋራው የጤና መድን ከሆነ ለመድን ድርጅቱም ግልባጭ ይላክ፤ ላልተሰጠ አገልግሎት የተጠየቀው ክፍያ እሱንም ይመለከተዋል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ታካሚው ራሱ ካልሆነ የውክልና ወረቀት መያያዝ አለበት፤ አለዚያ ክሊኒኩ የታካሚን ምስጢር መጠበቅን ምክንያት አድርጎ መልስ ሊከለክል ይችላል።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ተኩል ባይበልጥ መልካም ነው። የሕመሙን ታሪክ፣ የደረሰውን መጉላላትና የሠራተኞችን አቀባበል እዚህ አያስገቡ፤ እነሱ የሚገባቸው ቦታ ሌላ ቅሬታ ነው። «ማጭበርበር»፣ «ዘረፋ»፣ «ሐሰተኛ ሰነድ» የሚሉ ቃላትንም ያስወግዱ። እነዚህ ቃላት ክሊኒኩን ወደ ጠበቃ ይመሩታል፤ ከዚያ በኋላ ሊስተካከል ይችል የነበረው ቀላል ስሕተት የስም ማጥፋት ክርክር ሊሆን ይችላል። ማጭበርበር ካለም ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

የታካሚያችን ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስላል፦

ቀን፦ ........
ለ፦ (የክሊኒኩ ስም) ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በሂሳብ ቁጥር ........ ውስጥ በተካተቱ ሦስት መስመሮች ላይ የቀረበ ተቃውሞና የማስተካከያ ጥያቄ

እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው የካርድ ቁጥር ........ ታካሚ ከ........ ማታ እስከ ........ ከሰዓት በክሊኒክዎ ተኝቼ የታከምሁ ሲሆን የሂሳብ ድምር 11,860 ተጠይቄአለሁ። ዝርዝር ሂሳቡን በ........ ቀን ከተረከብሁት የሕክምና ማኅደር ቅጂ ጋር አመሳክሬ በሚከተሉት ሦስት መስመሮች አገልግሎቱ ለመሰጠቱ ማረጋገጫ አላገኘሁም።

አንደኛ፣ በመስመር 7 የሆድ አልትራሳውንድ 1,400 ተጠይቋል። የምርመራው ውጤት በማኅደሩ ውስጥ የለም፤ በማኅደሩ ገጽ 4 ያለው የሐኪም ማስታወሻም ምርመራው እንዲቀር መወሰኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ በመስመር 11 በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ 6 ከረጢት 1,080 ተጠይቋል። በገጽ 6 ያለው የመድኃኒት መስጫ ቅጽ የተፈረመው ለ3 ከረጢት ብቻ ሲሆን በገጽ 7 ያለው የነርስ ክትትል ቅጽም 3 ሊትር መሰጠቱን ያመለክታል። ስለዚህ የምቃወመው 540 ነው። ሦስተኛ፣ በመስመር 13 የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ምክክር 900 ተጠይቋል። በስፔሻሊስት የተፈረመ የምክክር ማስታወሻ በማኅደሩ ውስጥ አላገኘሁም። ምክክሩ የተካሄደው በስልክ ከሆነ ይኸው እንዲገለጽልኝና ለዚሁ የተወሰነው ዋጋ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።

በመሆኑም ለእያንዳንዱ መስመር አገልግሎቱ በተሰጠበት ጊዜ የተጻፈና የተፈረመ ማረጋገጫ እንዲቀርብልኝ፣ ማረጋገጫ የሌለው መስመር ከሂሳቡ እንዲሰረዝና የተስተካከለ ሂሳብ እንዲሰጠኝ፣ እንዲሁም ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ 2,840 ያልተከፈለ ዕዳ ተብሎ ለዕዳ ሰብሳቢ እንዳይተላለፍ እጠይቃለሁ። የማያከራክረውን 9,020 በ........ ቀን በደረሰኝ ቁጥር ........ ከፍያለሁ፤ ይህ ክፍያ በተቃወምኋቸው መስመሮች ላይ ስምምነቴን አያመለክትም። መልስዎን ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻ)

ግልባጭ፦ ለሜዲካል ዳይሬክተር፣ ለሂሳብ ክፍል
አባሪ፦ የዝርዝር ሂሳቡ ቅጂ፣ የማኅደሩ ገጽ 4፣ 6 እና 7 ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ

ታካሚዋ ሙሉውን ከፍላ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ስለ ዕዳ ሰብሳቢው የተጠየቀው «2,840 እንዲመለስልኝ» በሚል ይተካል፤ ስለ 9,020 የተጻፈውም «ሙሉውን ሂሳብ እየተቃወምሁ ከፍያለሁ» ተብሎ ይስተካከላል። «በተሰጠበት ጊዜ የተጻፈ» የምትለዋን ሐረግ ግን በማንኛውም ሁኔታ አያስቀሩ፤ ከተቃውሞው በኋላ የተዘጋጀ ማብራሪያ እንደ ማረጋገጫ እንዳይቀርብ የምትከለክለው እርሷ ናት። አባሪውም ለክርክሩ በሚያስፈልጉት ገጾች ይወሰን፤ በተለይ ለመድን ድርጅት በሚላከው ግልባጭ የማይመለከተውን የጤና መረጃ ማሰራጨት አይገባም። ዋናዎቹን ወረቀቶች አሳልፈው አይስጡ።

ደረጃ 4፦ ማስረከብ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ወደ ክሊኒኩ መዝገብ ቤት ወይም የጽሕፈት ክፍል ይሂዱ፤ አንዱን ሰጥተው በእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም እንዲሰፍር ያድርጉ። አልፈርምም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። ኢሜይል ተጨማሪ ነው፤ ብቻውን ግን «አልደረሰንም» ለሚል መልስ ክፍት ይሆናል።

ደረጃ 5፦ መልሱን ማንበብ

ከሚመጡት መልሶች ውስጥ አሳሳች የሚሆነው ቅናሽ ነው። ክሊኒኩ «ለመልካም ግንኙነታችን ስንል 3,000 ቀንሰናል» ቢል ገንዘቡ ከተጠየቀው ይበልጣልና ለመቀበል ያጓጓል። ነገር ግን ቅናሽ ስረዛ አይደለም። በቅናሽ የተዘጋ ሂሳብ ታካሚዋ አልትራሳውንድ እንደተነሣችና በቀዶ ሐኪም እንደታየች መናገሩን ይቀጥላል፤ መድን ካላትም እነዚህ አገልግሎቶች ከዓመታዊ ጣሪያዋ ላይ ሊቆጠሩባት ይችላሉ። ስለዚህ መልሱ «ቅናሹን አመሰግናለሁ፤ ይሁን እንጂ የጠየቅሁት መስመሮቹ እንዲሰረዙ ስለሆነ በቁጥር ተለይተው የተሰረዙበት የተስተካከለ ሂሳብ ይሰጠኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ሊሆን ይገባል። ገንዘብ ተመላሽ ሲሆንም ክሊኒኩ በሂሳብ መዝገቡ ያወጣውን ክሬዲት ኖት፣ ማለትም ከሂሳቡ የተቀነሰውን ገንዘብ የሚያሳየውን ሰነድ፣ ቅጂ ይጠይቁ።

ሌላው መልስ ቀድሞ በእርስዎ ቅጂ ውስጥ ያልነበረ ወረቀት ይዞ መምጣት ነው። ወረቀቱ ሲቀርብ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት፣ የፈረመው ሰው ማንነት፣ ከአጠገቡ ካሉት ጽሑፎች ጋር መግጠሙን። ለምሳሌ ስፔሻሊስቱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ታካሚዋን እንዳየ የሚገልጽ ማስታወሻ ቢቀርብና በዚያው ሰዓት የተሞላው የነርስ ክትትል ቅጽ ስለ ሐኪም ጉብኝት ምንም ካላለ ልዩነቱን በጽሑፍ ጠቁመው ማብራሪያ ይጠይቁ። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተመዘገበ ከሆነ ሥርዓቱ ጽሑፉ የገባበትን ጊዜ ሊይዝ ስለሚችል የምዝገባ ጊዜው እንዲታተምልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ዘግይቶ የተጻፈ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ሐኪም ማስታወሻውን በማግሥቱ ሊጽፍ ይችላል፤ ያን ጊዜም ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን በጽሑፉ ላይ መግለጽ ይጠበቅበታል።

የሰጡት ቀን ያለ መልስ ካለፈ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሰው አንድ የማስታወሻ ደብዳቤ ይጻፉ፤ አጭር የመጨረሻ ቀን ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ለማን እንደሚያቀርቡም በግልጽ ያመልክቱ። የሚቀርብለት አካል የጤና ተቋማትን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ የሸማቾች ጥበቃ አካል፣ ወይም መድን ካለ የመድን ድርጅቱ የሂሳብ ምርመራ ክፍል ነው። ፍርድ ቤት መሄድ የሚያዋጣው እንደ ገንዘቡ መጠን ነው፤ የይርጋ ጊዜም ስላለ ደብዳቤ እየተለዋወጡ እንዳያልፍብዎ ጊዜውን አስቀድመው ያጣሩ። ለእነዚህ አካላት አዲስ ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም፤ በማኅተም የተረጋገጠው የደብዳቤዎ ቅጂ፣ ባለ አራት ዓምዱ ሠንጠረዥና የማኅደሩ ገጾች ከአንድ አንቀጽ መሸኛ ጋር ይበቃሉ።